በካርታው ላይ ያልተቆረጡት ባሕር ዛፎች

ነቢዩ ክፉ ሰው ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ላይ «ምናልባት ሳያውቅ ይሆናል» የሚል እንዳይመጣብኝ ነው። ያውቅ ነበር።

የቴሌ አንቴና የሚቆምበትን ቦታ በሚመርጥ ድርጅት ውስጥ አብረን እንሠራ ነበር፤ እሱ ኃላፊ፣ እኔ ካርታ ሠሪ። ቢሯችን ቃሊቲ ነው። በ2008 ዓ.ም. ኮዬ ፈጬ ለሚሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ኔትወርክ ይዘጋጅ ተባለና ሁለት ቦታ ታጨ። አንደኛው ከሸንተረሩ ወዲህ ያለ፣ የተተወ የድንጋይ ካባ ነው፤ ማንም አይኖርበትም። ሁለተኛው ከሸንተረሩ ጫፍ ላይ ያለ ጉብታ ሲሆን የአባባ ደበላ ቤት አናቱ ላይ ተቀምጧል። በዙሪያው ያለው እርሻ ሁሉ ለኮንዶሚኒየም ሄዶ እሳቸውና ባለቤታቸው እማማ መሰለች የቀራቸው ያ ግቢና ሸንተረሩ ላይ ያለው ባሕር ዛፍ ብቻ ነበር።

የምንመርጠው በእይታ ካርታ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ የከፍታ ሞዴል አለ፤ መሬቱ ጎናቸው ሠላሳ ሜትር በሆኑ አራት ማዕዘኖች ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታ ተሰጥቶታል። አንቴናው የት እንደሚቆም፣ ቁመቱ አርባ ሜትር እንደሆነና ስልክ የያዘው ሰው በቁመቱ ልክ እንደሚቆም ይነገረዋል። ከዚያ ከአንቴናው አናት ወደ እያንዳንዱ አራት ማዕዘን ገመድ እንደ መወጠር ያለ ሥራ ይሠራል። ገመዱ መንገድ ላይ መሬት ካልነካው ቦታው አረንጓዴ ይሆናል፤ ከነካው ቀይ። ከድንጋይ ካባው ስወጥረው ከሸንተረሩ ማዶ ያሉት ብሎኮች ግማሾቹ ቀይ ሆኑ። ከአባባ ደበላ ቤት ስወጥረው ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። አንቴናውን ማስረዘም ደግሞ በአውሮፕላን መንገድ ምክንያት አልተፈቀደም።

ቦታውን ለማየት ስንሄድ አባባ ደበላ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ቤታቸው ሊነሳ እንደሆነ ከወረዳው ሰምተዋል። ለምን ከባዶው መሬት ይልቅ የእሳቸው ቤት እንደተመረጠ ጠየቁ። ላፕቶፑን ከፍቼ ቀዩን አሳየኋቸው። ያን ቀይ የሚያመጣው ሞዴሉ ሸንተረሩ ላይ የሚያሳየው እብጠት እንደሆነ፣ እብጠቱ ደግሞ አብዛኛው ዛፍ እንጂ አፈር እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ከፍታውን የለካው ራዳር ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሲያገኝ እስከ መሬቱ አይደርስም፤ ቅጠልና ቅርንጫፉን መሬት ብሎ ይመዘግበዋል።

ዛፎቹን የተከላቸው ልጃቸው አደሴ ነው። ሲተክል ገና ተማሪ ነበር፤ ከዚያ ዘመተና በባድመው ጦርነት ማብቂያ ላይ ቀረ። ይህን የነገሩን እማማ መሰለች ናቸው፤ ነቢዩም እዚያው ቆሞ ሰምቷል። ምሳ ሰዓት አልፎበት ተቁነጥንጧል።

«አባባ፣» አለ ቁልፉን እያሽከረከረ፣ «ዛፉን ከቆረጡልን እኮ ቀዩ ይጠፋል። ያኔ አንቴናው ካባው ጋ ይሄዳል፣ ቤትዎም ይተርፋል።»

መኪና ውስጥ ተናደድኩበት። ሞዴሉ የተለካው ድሮ ነው፤ ዛፉ ዛሬ ቢቆረጥ ሞዴሉ በምን ያውቃል? እኔ በእጄ ካላስተካከልኩት በቀር ቀዩ ንቅንቅ አይልም አልኩት። ሳቀ። ያን ያልኩት የሞተ ልጅ የተከለውን የትኛው አባት ይቆርጣል፣ እንዲሁ ዝም ይሉልናል ብዬ ነው አለኝ። ደውዬ እንዳልነግራቸው ስልክ የላቸውም፤ በማግስቱ ደግሞ ዱከም ለሌላ ሥራ ላከኝ።

ስመለስ አባባ ደበላ ቢሮ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እጃቸው ተላልጧል፤ ኮታቸው ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸታል። ቆርጠውታል፤ ሁሉንም። የአቃቂ በሰቃ እንጨት ነጋዴዎች ጭነው ወስደውታል። ነቢዩን «ልጄ፣ አሁን እየው» አሉት።

ነቢዩ ለአፍታ እንኳን አልደነገጠም። ወንበር አስጠግቶላቸው፣ ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዙሮ፣ ያንኑ ሞዴል ከዚያው ከካባው አስኬደው። ቀዩ ያንኑ ቦታ ሸፈነ።

«ያው ነው፣ አባባ» አለ።

አባባ ደበላ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው ቆዩ። አንድ ነገር የጎደለው ከእሳቸው በኩል መሰላቸው። ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ፤ ጥፋቱን ራሳቸው ላይ ፈለጉ።

«ጉቶው ይሆን? ጉቶውንም ልንቀለው?»

«እስቲ ይንቀሉት» አለ ነቢዩ።

እዚያው አፌን ከፈትኩ። የእሳቸው ጥፋት አይደለም፣ ሞዴሉ ነው ብዬ ስጀምር ነቢዩ ትከሻቸውን ደገፍ አድርጎ፣ ልጅቷ አዲስ ናት፣ እሷን አይስሟት እያለ እስከ በሩ ሸኛቸው። በዚህ ድርጅት ከእሱ በፊት የተቀጠርኩት እኔ ነኝ። እሳቸውም አመስግነውት ሄዱ።

ከሰዓት ሥራዬን ሁሉ ትቼ ሞዴሉን አረምኩት። ዛፍ የነበረባቸውን አራት ማዕዘኖች መርጬ፣ ዙሪያቸው ባለው ባዶ መሬት ልክ ዝቅ አድርጌ፣ ከካባው እንደገና ወጠርኩት። ከጥቂት ነጠብጣብ በቀር ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። አንቴናው ካባው ላይ መቆም ይችላል፤ ቤቱም አይነካም። አትሜ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ነቢዩ አየውና መልሶ ገፋልኝ።

«በእጅ የተነካ ዳታ አልፈርምም። ደግሞ የመጀመሪያው ካርታ ገብቷል። ተሳስቼ ነበር ልበል እንዴ፣ ለአንድ ጎጆ?»

ከበላዩ ላለው ሰው ወሰድኩት። እሱም ወደ ነቢዩ መልሶ ላከው፤ ነቢዩ ቀደደው።

ቤቱ በሚፈርስበት ቀን ማንም ሳያዘኝ ሄድኩ። ከአቃቂ በባጃጅ ስደርስ ሎደሩ ግቢው በር ላይ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። እማማ መሰለች ከአልጋና ከድስቶች ጋር ውጭ ተቀምጠዋል። አባባ ደበላን ፈለግኳቸው፤ ሸንተረሩ ላይ ናቸው። ጉድጓድ ውስጥ ሆነው ጉቶ ይቆፍራሉ። ከኋላቸው ያለው መሬት የታረሰ ይመስል ተገለባብጧል፤ የቀሯቸው ጥቂት ናቸው።

«ልደርስ ነው፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። «ትንሽ ጠብቁ በያቸው። ኢንጅነሩ እስቲ ይንቀሉት ብሎኛል።»

ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው። ካርታው ዛሬን እንደማያይ፣ ከፍታው አንድ ጊዜ ብቻ ከሰማይ እንደተለካ፣ ዛፉን ቢቆርጡም ጉቶውን ቢነቅሉም ሸንተረሩን ራሱን ቢያነሱትም ምንም እንደማይለወጥበት፣ ነቢዩም ይህን እያወቀ እንዳስቆረጣቸው። ዶማውን ተደግፈው ሰሙኝ። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«መቼ ነው የለካው?»

«በ92፣ የካቲት ላይ።»

በልባቸው ቆጠሩ። «አደሴ ያኔ በሕይወት ነበር። ግንቦት ነው የሞተው።»

ከቤቱ በኩል ሎደሩ ማገሩን ሲሰብር ተሰማ፤ እማማ መሰለችም ጮኹ። እሳቸው ዞር ብለው አላዩም። ዓይናቸው እኔ ላይ ነው።

«እንግዲያ እዚያ ካርታ ውስጥ ዛፎቹ አሁንም አሉ?»

«አሉ፣ አባባ።»

«ቤቴስ? ያኔም እኮ እዚሁ ነበር።»

አለ ብዬ ብዋሽ ምን ነበረበት። ግን ስንት ውሸት ሰምተዋል።

«ቤት አይታይም። ለካርታው ትንሽ ነው» አልኳቸው።

አባባ ደበላ ራሳቸውን ነቀነቁና ዶማውን ከጉድጓዱ አውጥተው አቀበሉኝ። ከዚያ እጃቸውን ሰጡኝ፤ ስቤ አወጣኋቸው።