አልጎደለብንም

አባዬን ቤታችን ውስጥ «ሊቀመንበር» እንለዋለን። ሰብሳቢም፣ ተናጋሪም፣ ድምፅ ቆጣሪም እሱ ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ላገኘኋት አንዲት ክፍል ማመልከቻ ሳስገባ፣ አብሮ የሚላከውን መሸኛ መልእክት የሚያረቅልኝ እሱ መሆኑ አልገረመኝም። ማቃጠሉን ግን አቃጥሎኛል።

ክፍሏ ለእኔ ቅንጦት አልነበረችም። ከቤታችን እስከ ትምህርቴ ሁለት አውቶቡስ ነው፤ አመሻሽ ላይ ቤተ ሙከራ ሲኖረኝ የመጨረሻው አውቶቡስ ጥሎኝ ይሄዳል። አምና ከቤተ ሙከራው ግማሹን ጥዬ እየወጣሁ አንድ ትምህርት ወደቅሁ። ዘንድሮም ከወደቅሁ ከጓደኞቼ ወደኋላ እቀራለሁ፤ እኔ ደግሞ ወደኋላ መቅረት አይሆንልኝም።

አከራዮቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት ገቢ ነው። ተማሪ ነኝ፣ ገቢ ከየት ይመጣል? ገቢ የሌለው ዋስ ያቀርባል፤ እኔ ኪራዩን ባልከፍል የሚከፍልልኝ፣ ቋሚ ገቢ እንዳለው በማስረጃ የሚያሳይ ሰው ማለት ነው።

«ገቢ የለኝም ብለሽ ልትጽፊ ነው?» አለ አባዬ፣ ሙጫ የነካ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

«የለኝማ!»

«እኔ እያለሁ? ለባዕድ ሰው ባዶ ነኝ ልትዪ? አጥፊው።»

አጠፋሁት። እሱ ተናገረ፣ እኔ ጻፍሁ። አባቴ የተከበረ አናጺ መሆኑን፣ እሱ የገጠመው በር እንደማይንቋቋ፣ ስለ እሱ ሰፈሩን ሁሉ መጠየቅ እንደሚቻል፣ ዋሴም እሱ መሆኑን። «ገቢውስ ምን ይባል?» ስለው ትንሽ አሰበና፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልጎደለብንም በዪ» አለኝ።

ጉድ ፈላ ብዬ፣ እሱንም ጽፌ ላክሁት።

ከአከራዩ ድርጅት የመለሰችልኝ ወኪል ጨዋ ሰው ነበረች። «አባትዎ የተከበሩ መሆናቸውን በማወቃችን ደስ ብሎናል። እባክዎ የሦስት ወር የደመወዝ ማስረጃቸውን፣ በግል የሚሠሩ ከሆነም የግብር ወረቀታቸውን ይላኩልን። ሌሎች አመልካቾችም ስላሉ፣ እስከ ነገ ምሳ ሰዓት ካልደረሰን ወደ ቀጣዩ እናልፋለን።»

አባዬ የግብር ወረቀቱን ከመሳቢያ አወጣ። ያለፈው ዓመት ወገቡን ታሞ ግማሹን የተኛበት ዓመት ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለው ገቢ ለዋስነት የሚበቃ አልነበረም። የሚቀጥለው ዓመት የተሻለ ይሆናል ተብሎ ለአከራይ አይጻፍም።

እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቀና እንኳ ሳትል፣ «የእኔ ደመወዝ አለ» አለች።

እማዬ የሆስፒታል የመሣሪያ ማምከኛ ክፍል ኃላፊ ናት። መቀሱም፣ ምላጩም፣ መቆንጠጫው ሁሉ የሰው ሆድ ከመግባቱ በፊት በእሷ እጅ ያልፋል። ደመወዟ ወር በገባ ቁጥር አንድም ቀን ሳይዛነፍ ይገባል። ሰፈር ውስጥ ግን «የአናጺው ሚስት» ነው የምትባለው። የሥራዋ ነገር ትዝ የሚላቸው ቁስል ማሳየት ሲፈልጉ ነው።

«ሰው ምን ይላል?» አለ አባዬ። «እሱ ቁጭ ብሎ ሚስቱን ዋስ አቆመ ይላላ!»

«ሰው ኪራይ አይከፍልልኝም!» ብዬ ቱግ አልሁ። አባዬ እራት ሳይጠብቅ ተነስቶ ጓሮ ወዳለው የሥራ ቦታው፣ ወደ እንጨት ቤቱ ሄደ። ሊቀመንበሩ ሲያኮርፍ ስብሰባው ይበተናል።

እማዬ እጇን ታጠበችና አጠገቤ ተቀመጠች። «መጀመሪያ ምን እንደምፈርም ንገሪኝ።»

ነገርኋት። ኪራይ ካልከፈልሁ እሷ እንደምትጠየቅ፣ ከምናስይዘው ገንዘብ በላይ ንብረት ባበላሽም እሷ እንደምትከፍል፣ ውሉ እስኪያልቅ ድረስ ቀረሁ ማለት እንደማትችል።

«አንቺስ ኪራዩን ከየት ታመጫለሽ?»

«አንቺና አባዬ ትሰጡኛላችሁ።»

«እንግዲያው ብትከፍይም ከእኔ፣ ባትከፍይም ከእኔ ነው» አለችና ሳቀች። «ጻፊ።»

ይህን ጻፍሁ፦

«የሦስተኛ ዓመት የፋርማሲ ተማሪ ነኝ። ገቢ የለኝም፤ ኪራዬን የሚሸፍኑልኝ ወላጆቼ ናቸው። ዋሴ እናቴ ናት። በሆስፒታል ቋሚ ሠራተኛና የመሣሪያ ማምከኛ ክፍል ኃላፊ ናት። የሦስት ወር የደመወዝ ማስረጃዋንና መታወቂያዋን አያይዣለሁ፤ በእሷ ፈቃድ መሥሪያ ቤቷን መጠየቅ ይቻላል። የዋስትናን ግዴታ አውቃ ተስማምታለች። ክፍሏን ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ተረክቤ ለአንድ ዓመት መቆየት እፈልጋለሁ። አላጨስም፤ እንስሳም የለኝም።»

ከሥር የእሷን ስልክ፣ ካልተገኘች ደግሞ የአባዬን አስገባሁ። እንድታነበው ስልኬን ሰጠኋት። አንብባ ጨረሰችና እንደገና ከላይ ጀመረች። «አበዛሽው» አለችኝ፤ ስልኬን ግን ቶሎ አልመለሰችልኝም። እኔም ጽሑፉን ሳየው ኮራሁ። አንድም የተለመነ ነገር የለበትም። በዚያው ማታ ላክሁት።

በማግስቱ ጠዋት እንጨት ቤቱ ሄጄ የቁም ሣጥን መዝጊያ ያዝሁለት። ኩርፊያውን እንደያዘ ይላጋል፤ እኔም እንደያዝሁ እይዛለሁ። ስልኩ ጮኸ። የመጋዝ ድምፅ ጆሮውን ስለጎዳው ሁልጊዜ በድምፅ ማጉያው ነው የሚያወራው፤ ስለዚህ ሁሉን ሰማሁ። ወኪሏ ነበረች።

«የተማሪዋን ዋስ ፈልጌ ነበር፤ ስልካቸውን አላነሱም። ዋሷ እርስዎ ነዎት?»

አንድ «አዎ» ብትወጣው ያያያዝሁት ማስረጃ ሌላ፣ ዋሱ ሌላ ሆኖ ክፍሏ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ለሌላ ሰው ትሄዳለች። እሱ ደግሞ ያችን «አዎ» ምን ያህል እንደፈለጋት አውቃለሁ። አየኝ። መላጊያውን አስቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ።

«አይደለሁም። ዋሷ ባለቤቴ ናት።»

«እርስዎስ ማን ልበል?»

«እኔ የዋሷ ባል ነኝ» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ አዲስ ሹመት እንደተሰጠው ሰው። «አሁን አስር ጊዜ ቢደውሉ አታነሳም። ጓንት አድርጋ መሣሪያ ላይ ናት። ሥራዋን ጥላ ስልክ የምታነሳ ብትሆን ኖሮ ዋስ አድርገው ባልተቀበሏት ነበር። ለሻይ ስትወጣ ትደውልልዎታለች።»

ስልኩን ዘጋውና፣ «በደንብ ያዢው እንጂ!» ብሎ ጮኸብኝ። መዝጊያውን መያዝ ትቼ እያለቀስሁ ነበር።

እማዬ ለሻይ ስትወጣ ደወለች። ወኪሏ ከሆስፒታሉ የሰው ኃይል ክፍል አጣርታ፣ ማምሻውን «ተቀብለናል፤ ነገ ከዋስዎ ጋር መጥታችሁ ፈርሙ» የሚል መልእክት ላከችልኝ። ቤቱን በእልልታ አቀለጥሁት። ከዚያ የእንጨት ቤቱን ነገር ለእማዬ አወራኋት።

«የዋሷ ባል ነኝ አለ?»

«አዎ።»

«በራሱ አፍ?»

«በራሱ አፍ። ጎረቤት እስኪሰማ።»

ፊቷ የሠርጓ ቀን ፎቶ ላይ ያለውን መሰለ። ትንሽ ቆይቶ አባዬ ከመኝታ ቤት ሁለት ኮት ይዞ ወጣ።

«ነገ ለፊርማው የቱን ልልበስ?» ብሎ ጠየቃት። በዕድሜዬ ሊቀመንበሩ ሐሳብ ሲጠይቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እማዬ ሁለቱንም አገላብጣ አየቻቸው።

«ግራጫውን» አለችው። «የዋስ ባል ደህና ነገር ለብሶ ነው የሚታየው።»