ከሽንኩርቱ ጽሑፍ የተቆረጠችው መስመር

ፍሬሕይወት ያቺን መስመር ስትሰርዛት እጇ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ኧረ ለምን ይንቀጠቀጣል? አንዲት መስመር ናት! ሰው በአንዲት መስመር ጣቱ ይቆረጣል ብሎ ማን ያስባል?

የካቲት አጋማሽ ነው። ሸዋ ሮቢት በዚያ ወራት ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ የጣሪያው ቆርቆሮ በፀሐዩ ግለት ይንጫጫል። ፍሬሕይወት የደብረ ሲና ልጅ ናት። ከጀውሃ በታች ባለ አንድ ቀበሌ የግብርና ባለሙያ ሆና ሦስት ዓመት ብትቆይም ሙቀቱን ገና አልለመደችውም። ያን ቀን ማክሰኞ ከአለቃዋ ከግርማ ጠረጴዛ ፊት ቆማ፣ ለሽንኩርት ገበሬዎች የሥልጠና ፎቶ የሚሆን ጽሑፍ ታሳየዋለች። ጽሑፉ በቴሌግራም ለመስኖ ተጠቃሚዎቹ ቡድን የሚላክ ነው።

«አራት መስመር አደረግሽው» አላት ግርማ። «ሰውዬው የአምስት ብር ዳታ ነው የሚገዛው። ከሦስተኛ ክፍል ያለፈ ስንት አለ? ሦስት መስመር፣ አጭር ቃል፣ አንድ ፎቶ። አለቀ።»

እውነቱን ነው፤ በዚህ ማንም አይወቅሰውም። ረጅም ጽሑፍ ቢልኩለት ማን ያነብበዋል? ፍሬሕይወት ወረቀቷን አየች። የሥልጠናው ቀንና ቦታ አይሰረዝም። «ከ15 ቀን በኋላ ንቀሉ» አይሰረዝም። «ዛሬ ውኃ አቁሙ»ም ያው የሥልጠናው ዋና ነገር ነው። የቀረችው የመጀመሪያዋ መስመር ናት፦ «የሽንኩርቱ አንገት ለስልሶ ግማሹ ቅጠል ከወደቀ።» እሷን ደግሞ ፎቶው ያሳያታል። በአንድ በኩል ቅጠሉ ቀጥ ብሎ የቆመ ሽንኩርት፣ በላዩ ቀይ ኤክስ፤ በሌላ በኩል ቅጠሉ የተኛ፣ በላዩ አረንጓዴ ምልክት። ዕውር ካልሆነ በቀር የማይገባው የለም ብላ ሰረዘቻት። ላከችውና በዚያው ቀን የታመመች እናቷን ልትጠይቅ ወደ ደብረ ሲና ወጣች።

አይ ፍሬሕይወት! ጽሑፉ ደረሰ፤ ፎቶው ግን አልደረሰም። ቆላ ያለ ገበሬ ዳታው እንዳይበላበት ስልኩ ፎቶ በራሱ እንዳያወርድ አድርጎ ነው የሚይዘው። ፊደሉ ይመጣል፤ ከበላዩ ያለው ፎቶ ጭጋግ የሸፈነው ይመስል ደብዝዞ ይቀራል። ማን ገንዘብ አውጥቶ ይከፍተዋል?

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የውኃ አባቱ ኸድር ቦዩ ራስ ላይ ሰዉን ሰብስቦ ጽሑፉን ጮክ ብሎ አነበበ። የውኃ አባት ማለት የቦዩ ተጠቃሚዎች የመረጡት፣ ተራ የሚያስጠብቅ ሰው ነው። ኸድር ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ ሥራ ሲኖር አንድ ቀን እንኳ አዳላ ተብሎ ስሙ አልተነሳም።

«ሽንኩርት ያለው ሁሉ ዛሬ ውኃ ያቁም ተብሏል» አለ። «የሽንኩርቱ ተራ ለማሾው ይዞራል። በቃ።»

ማሾ የሚባለውን ጥራጥሬ የዘሩት ገበሬዎች ደስ አላቸው። የሽንኩርት ገበሬዎቹም አልተከፉም፤ ኅዳር መጀመሪያ ላይ የተከሉት ስለሆነ መቶ ቀን ሆኖታል፤ ቅጠሉም ወድቋል። የተጎዳው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሙሳ። የሙሳ የመጀመሪያ ችግኝ መደቡ ላይ ሥሩ በስብሶ አለቀበትና እንደገና አፍልቶ፣ የተከለው ጥር ገብቶ ነው። አርባ ቀኑ ነው እንግዲህ። ከመሬት በታች ያለው ኮረቱ ገና ሊቋጥር ሲል ውኃ ካጣ፣ ሽንኩርት መሆኑ ቀርቶ ነጭ ሽንኩርት አክሎ ይቀራል። ሙሳና ሚስቱ ሐያት ደግሞ ከዚያች ማሳ ሌላ ምንም የላቸውም።

የባሰው ምን መሰላችሁ? ሐያት የኸድር እህት ናት። ኸድር ለሌላ ሰው ቢሆን ምናልባት ማሳው ድረስ ሄዶ ያይ ነበር። ለእህቱ ባል ሲሆን ግን «ለዘመዱ አደላ» እንዳይሉት ፈርቶ ደረቀ። ረቡዕ የሙሳ ተራ ነበር፤ ከለከለው። ሐያት ዓርብ ዕለት ፍሬሕይወት ዘንድ ደወለች።

«ፍሬ፣ ውኃ ከለከሉን እኮ! ያንቺ ጽሑፍ ነው አሉን።»

«ፎቶውን አላያችሁትም እንዴ?»

«አይከፈትም።»

ፍሬሕይወት የእናቷን መድኃኒት በአንድ እጇ ይዛለች። «በቃ ሐሙስ ለሥልጠናው ስመጣ አስረዳቸዋለሁ» አለችና ዘጋች። ለኸድር አንድ ስልክ ብትደውል ምን ነበረበት? አልደወለችም። ይሄ ነገር እስከ ዛሬ አንጀቷን ይበላታል።

ሰኞ የሙሳ ተራ እንደገና ደረሰ፤ እንደገና ተከለከለ። ማክሰኞ፣ ሽንኩርቱ ከጠጣ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ሙሳ ማሳው ውስጥ ተንበርክኮ አፈሩን በጣቱ ቆፈረ፤ እስከ ክንዱ ድረስ ትቢያ ሆነበት። ተነሣ፤ አካፋውን ያዘ። ሐያት ስታየው ነገሩ ገባትና ስልኳን አነሳች። «ፍሬ፣ ካለሽበት ድረሺ! ወላሂ ዛሬ ይጋደላሉ!»

ፍሬሕይወት ከደብረ ሲና ወርዳ ጀውሃ ከደረሰች ገና ሩብ ሰዓቷ ነው። ባጃጅ ይዛ በረረች። ቦዩ ራስ ስትደርስ ሙሳ ውኃውን የሚያግደውን የብረት መዝጊያ በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ ላይ ይጎትታል፤ ኸድር ደግሞ የቦዩን ሣር ሲመነጥርበት የነበረውን ገጀራ እንደያዘ እየሮጠ ይመጣል።

«ልቀቅ! ሙሳ፣ ልቀቅ ብዬሃለሁ!»

ሙሳ መዝጊያውን ለቀቀና አካፋውን አነሳ። በአካፋው ጀርባ የኸድርን ትከሻ አለው። አጥንቱ ሲሰበር ድምፁ ተሰማ። ኸድር ወደቀ፤ ተነሣ። ዓይኑ ደም ለብሷል። ሙሳ ተመልሶ መዝጊያውን እንደጨበጠ ገጀራው ወረደ። ብረት ከብረት ሲጋጭ ጮኸ። የሙሳ ሁለት ጣቶች ቦዩ ውስጥ ገቡ።

ፍሬሕይወት ክው አለች። ሐያት ሻሿን ከራሷ ገፍፋ የባሏን እጅ ስትጠቀልል፣ «ኸድር! ምን አደረግከኝ! ኸድር!» እያለች ታለቅሳለች። ሻሿ ወዲያው ቀላ። ሰው ከየማሳው ዱላና ድንጋይ ይዞ ጎረፈ፤ ከማሾው ወገን የቆመው ከኸድር ጋር፣ ሌላው ከሙሳ ጋር። ድንጋይ መወራወር ተጀመረ። አንዱ ሽማግሌ ግንባሩ ተፈንክቶ ደሙ ጢሙን አለበሰው። በዚህ መሃል የሙሳ ታላቅ ወንድም ሰዲቅ ክላሹን አቀባብሎ መጣ። ሰዉ ለሁለት ተከፈለለት።

ኸድር የተሰበረ ትከሻውን ይዞ ተንበርክኳል። ሰዲቅ አፈሙዙን ግንባሩ ላይ ደቀነ።

«የወንድሜን እጅ? ለውኃ?»

«የታዘዝኩትን ነው ያደረግሁት!» አለ ኸድር። «ጽሑፉን አንብበው!»

ፍሬሕይወት በዚህች ደቂቃ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች። ግን እግሯ ራሱ ወሰዳትና በሁለቱ መሃል ቆመች።

«እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች። «ጽሑፉን የቆረጥኩት እኔ ነኝ!» ከቦርሳዋ ማስታወሻዋን አወጣች፤ የተሰረዘችውን መስመር እየተንተባተበች አነበበች። «የሽንኩርቱ አንገት ለስልሶ ግማሹ ቅጠል ከወደቀ... እንዲህ ይል ነበር። የሙሳ ሽንኩርት ገና ነው። ውኃው መቋረጥ አልነበረበትም። ሐያትም ደውላልኝ ነበር፤ ሐሙስ እመጣለሁ አልኳት።»

ሰዲቅ ዞሮ በሰደፉ አፏን አላት። ወደቀች። ምራቋን ስትተፋ ጥርሷ አብሮ ወጣ። ማንም አላነሳትም።

ኸድር ግን የሰደፉን ምት አላየም። ማስታወሻውን ከመሬት አንሥቶ አፉን እያንቀሳቀሰ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ገጀራውን በደህና እጁ አንሥቶ ለሰዲቅ አቀበለውና፣ ያንኑ እጁን መዝጊያው ላይ ዘረጋ።

«ቁረጥ» አለው። «ያ ረብ፣ በከንቱ ነው ለካ! ቁረጠው።»

ሰዲቅ ክላሹን ትከሻው ላይ አንግቶ ገጀራውን ተቀበለ። አነሳው። ሐያት ዓይኗን ጨፈነች።

«ሰዲቅ!» አለ ሙሳ ከመሬት። ከንፈሩ አመድ መስሏል። «የሱ እጅ ለኔ ጣት ያበቅላል? ውኃውን ክፈቱልኝ እናንተ ሰዎች! ሽንኩርቴ ይሞታል እኮ!»

ሰዲቅ እንደቆመ ቀረ። ቆይቶ ቆይቶ ገጀራውን ወደ ጫካው ወረወረው። ኸድር በአንድ እጁ መዝጊያውን ሲጎትት አልሆንለት አለ፤ ሰዲቅ እየተሳደበ ረዳው። ውኃው ሄደ፤ መጀመሪያ ላይ ቀላ ያለ ነበር። ሙሳን ባጃጁ ላይ ሲጭኑት፣ የመጨረሻው ትልም ሳይጠጣ አልሄድም ቢልም በግድ ነው ወደ ሐኪም ቤት የወሰዱት።

ኸድርን ፖሊስ ወሰደው። ሽማግሌዎች እርቁን ያዙት፤ ገና አላለቀም። የሐሙሱ ሥልጠና ቀረ።

በሁለተኛው ሳምንት ፍሬሕይወት ያበጠ ከንፈሯን በነጠላዋ ሸፍና ሙሳ ቤት ሄደች። ሐያት አታስገባኝም ብላ ነበር የፈራችው። ሐያት ግን በሩ ላይ ለረጅም ጊዜ አየቻትና የምትቀመጥበት ዱካ ሳበችላት። ሙሳ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከጎኑ ከጎረቤት ማሳ የተነቀለ፣ ቅጠሉ የተኛ ሽንኩርት አለ።

«አዲስ ጽሑፍ ልልክ ነው» አለች። «ያኛውን ከሦስት መስመር አይለፍ ተብዬ ነው የቆረጥኩት። ይሄን ግን እናንተ ሳታዩት አልልክም።»

«ፎቶም ይኖረዋል?» አለ ሙሳ።

«ይኖረዋል።»

ሽንኩርቱን በሦስት ጣት እጁ አንሥቶ ዘረጋላት። «እንግዲያው ይሄን አንሺ።»

አነሳችው። ጽሑፉን ጻፈችና ለሐያት ላከችላት፤ ከዚያ የሐያትን ዳታ አጠፋችው። ሐያት የተማረችው እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ፎቶው ሳይከፈት፣ ፊደሎቹን በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ አነበበች፦

«የሽንኩርትህን ቅጠል እይ።
ቅጠሉ ከቆመ ውኃ አጠጣ።
ግማሹ ከወደቀ ውኃ አቁም፤ ከ15 ቀን በኋላ ንቀል።»

«የሥልጠናው ቀንስ?» አለች።

«ለብቻው ነው የምልከው።»

ሐያት ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። የባሏን እጅ አየች፤ ደግሞ ጽሑፉን አየች፤ በጣቷ ቆጠረች።

«ሦስት መስመር ነው እኮ» አለች። «ያኔስ ሦስት መስመር አልነበር እንዴ የተባልሽው?»