ደንበኛ ሀ

አባቴ ፍራሽ ይሠራል። ሰፈሩ «ፍራሹ» ይለዋል፤ እኔንና ታላቅ እህቴን ደግሞ ልጆች ሳለን «ትራሶቹ» ይሉን ነበር። ድሮ በዚህ እንስቅ ነበር። አሁን ግን ሰኞ ጠዋት አባዬ ባንክ ሄዶ ያደግንበትን ቤት በመያዣነት ሊፈርም ስለሆነ፣ በፍራሽ የሚስቅ ሰው ባገኝ በጥፊ የማጮለው ይመስለኛል።

እኔ የአውደ ጥናቱ፣ ማለቴ የወርክሾፑ (አባዬ «አውደ ጥናት ብሎ ነገር የለም፣ ፍራሽ ቤት ነው» ይላል) ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሥራ አመራር እማራለሁ። መምህራችን እያንዳንዳችን ከምንሠራበት ቦታ አንድ እውነተኛ ኬዝ፣ ስም ሸሽገን፣ ጽፈን እንድናመጣ አዝዞን ነበር። ረጅሙ ጽሑፍ ለክፍሉ ቀድሞ ይታደላል። ጸሐፊው ደግሞ እሱኑ ወደ አንድ ገጽ ጨምቆ፣ ሁኔታ፣ ችግር፣ አማራጮች፣ የሚመከር እርምጃ ብሎ ለውይይት ያቀርባል። የእኔ ተራ የደረሰው ከዚያች ሰኞ በፊት ባለችው ቅዳሜ ነው። እግዜር ራሱ ፕሮግራሙን ያወጣው መሰለኝ። ባንኩ ቤታችንን ከመብላቱ በፊት፣ ክፍል ሙሉ ሰው በነፃ ሊያስብልን ነው።

ለአባዬ ነገርኩት።

«እስቲ ይዩት» አለኝ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ እየወለወለ። «እኔ እንደሆንኩ ጭንቅላቴ ዞሯል። የሚሉትን ሳልሰማ አልፈርምም።»

በዚህ ቃሉ ላይ ተንጠለጠልኩ። ሌላ የምንጠለጠልበት አልነበረንም።

ዓርብ ከሰዓት ቢሮዬ ቁጭ ብዬ መጨመቅ ጀመርኩ። ከግድግዳው ወዲያ የስፌት መኪናዎቹ ይንጫጫሉ፣ የማጣበቂያው ሽታ ጉሮሮ ይይዛል። አሥር ገጽ ወደ አንድ ማውረድ ጭካኔ ይጠይቃል። ዝናብ የገባበት መጋዘን ወጣ። ጥለውን የሄዱት ሁለት ሰፊዎች ወጡ። አባዬ ሥራውን እንዴት እንደጀመረ የሚተርከው ገጽ፣ በጣም የምወደው፣ እሱም ወጣ፤ ለውሳኔ የማይጠቅም ታሪክ ሁኔታ ውስጥ አይገባም ተብለናል። የቀረው ይኸው ነው፦ የስፖንጅ ዋጋ በሦስት ዓመት ውስጥ በጣም ጨምሯል፤ ሽያጩ አልቀነሰም፤ ካዝናው ግን ባዶ ነው።

ችግር የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ቆየና «የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ እጥረት» ብዬ ጻፍኩ። አማራጮች፦ ቤት አስይዞ መበደር፣ ሸሪክ ማስገባት፣ ትልቁን የስፌት መኪና መሸጥ። የሚመከር እርምጃ፦ ሸሪክ ማስገባት። ጥሩ ነበር፣ ንጹሕ ነበር። ቤታችንም ይተርፋል።

ከረጅሙ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ግን አንድ ሰንጠረዥ አለ። ሽያጭ በደንበኛ ይላል። ከሦስት ፍራሽ ሁለቱን የሚወስደው ደንበኛ ሀ ነው፤ የሚከፍለውም የዛሬ ሦስት ዓመት ዋጋ ነው። ሰንጠረዡን እንዳላወጣው ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ አልዋሽም። አንድ ገጹ ላይ እንዳላሰፍረው ደግሞ ደንበኛ ሀ የእህቴ ባል ነው። ሦስት ትልልቅ የቤት ዕቃ ሱቆች አሉት። ዋጋው ይነሣ ባልኩ ቁጥር አባዬ «የእህትሽን ትዳር አትንኪ» ብሎ አፌን ያስዘጋኛል። ስለዚህ በትንንሽ ፊደል አተምኩትና ማንም እንዳያየው ጸለይኩ። እንዲህ ዓይነት ሞኝ ነኝ። መድኃኒት ፈልጌ ሐኪም ቤት ሄጄ ቁስሌን በሻርፕ ሸፈንኩ።

መምህሩን «መቀሱ» እንለዋለን፤ ያልቆረጠው ወረቀት የለም። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ገጼን ቆሜ አነበብኩ። መቀሱ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሰማኝ።

«ችግር ያልሽውን ድገሚልን።»

«የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ እጥረት።»

«ራሱን የሚያመው ሰው ችግሩ የክኒን እጥረት ነው?»

ክፍሉ ሳቀ።

«መፍትሔ ያልሽውን ገልብጠሽ ችግር አልሽው» አለ። «ችግሩ የገንዘብ እጥረት ነው ካልሽ አማራጮችሽ ሁሉ ገንዘብ ማምጫ ይሆናሉ፤ ሆነዋልም። እስቲ ገንዘቡ ዛሬ ገባ እንበል። ከዓመት በኋላ ይህ ሰው የት ይሆናል?»

ከዚያ ከኋላ ወንበር የኢንሹራንስ ሠራተኛው፣ ሁሌ የሚያዛጋው፣ ወረቀት ሲያገላብጥ ሰማሁት።

«ይቺን መጨረሻ ገጽ ላይ ያለችውን ሰንጠረዥ አያችኋት?» አለ። «ሽያጩ ሳይቀንስ ካዝናው ባዶ የሆነው ለዚህ ነው እኮ። ሰውየው ለደንበኛ ሀ የሚሸጠው ከወጪው በታች ነው። በሠራ ቁጥር ይከስራል። ብድር ቢሰጡት ቶሎ ብሎ መክሰሪያ ነው የሚሆነው። ሸሪክ ቢያስገባም አብሮት የሚከስር ሰው ነው ያገኘው።»

«ታዲያ ለምን ይሸጥለታል?» አለች አንዷ።

«አስጠንቁሎበት ይሆናላ!» አለ ሌላው።

እንደገና ሳቁ። እኔን ማንም አላየኝም። መቀሱ ግን ጠመኔውን ዘረጋልኝ።

«ችግሩን እንደገና ጻፊው። ማን፣ ምን መወሰን አለበት? በአንድ ዓረፍተ ነገር።»

ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦ ባለቤቱ ለደንበኛ ሀ ከወጪ በታች መሸጡን ይቀጥል ወይስ ያቁም? ፊደሎቼ ቁልቁል ይንሸራተታሉ። አማራጮቹን ክፍሉ ጠራ፣ እኔ ጻፍኩ፦ እንዳለ መቀጠል፤ የሚወስደውን መጠን መቀነስ፤ ዋጋውን ከወጪ በላይ ማድረግ፣ እምቢ ካለ ማቆም። መቀሱ እያንዳንዱን በሁለት ነገር እንድንመዝን አደረገን፦ ድርጅቱ ዓመቱን ይዘልቃል ወይ? ባለቤቱ ሊፈጽመው ይችላል ወይ? የመጀመሪያው ወዲያው ወደቀ። ሁለተኛው ሞቱን ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም ተባለ። ሦስተኛውን ሁሉም እጁን አውጥቶ መረጠው። ከሚቀጥለው ትእዛዝ ጀምሮ፣ በባለቤቱ በራሱ አንደበት፣ ከማንኛውም ብድር በፊት።

«የዚህ እርምጃ አደጋው ምንድነው?» አለኝ መቀሱ።

«ቤተሰቡ ሊፈርስ ይችላል» አልኩ።

መቀሱ ወረቀቴን አገላበጠ።

«ይሄ ኬዙ ውስጥ የለም።»

«አልጻፍኩትም።»

«ካልጻፍሽው እኛ ከየት እናውቃለን?» አለ፣ ሳይቆጣ። «በሌለ መረጃ አንወያይም። ግን ሁለተኛውን መመዘኛ እንዳለ ይለውጠዋል።» ከዚያ ሰዓቱ አለቀና ሁሉም ሻይ ለመጠጣት ወጣ። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ቤት ስደርስ እህቴ ሳሎን ተቀምጣለች። ሰኞ አባዬን አጅባ ባንክ ልትሄድ ስለሆነ፣ ለዚያ የሚሆን ነጠላ ልትመርጥ ነው የመጣችው። ባሏ አልመጣም። አባዬ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «እህስ፣ ምን አሉ የተማሩት?» አለኝ።

«ኋላ እነግርሃለሁ አባዬ።»

«ምን ኋላ አለ! ሰኞ ደርሶ። እህትሽም ትስማ።»

እምቢ ብል ምንም አላሉም ብሎ ይፈርማል። ቃሉን ሰጥቶኛል፣ እኔም ሰጥቼዋለሁ። ከሰሌዳው የገለበጥኩትን ወረቀት አውጥቼ አነበብኩ። ሁኔታውን ሳነብ አባዬ ራሱን ነቀነቀ። ችግሩን ሳነብ መነቅነቁን አቆመ። አማራጮቹን በጥድፊያ አለፍኩ። የሚመከረውን እርምጃ ሳነብ ዓይኔን ከወረቀቱ ማንሣት አልቻልኩም።

«ደንበኛ ሀ ማነው?» አለች እህቴ።

አባዬ ወደ እኔ አየ፣ እኔ ወደ ወረቀቱ።

«እናንተን ነው የምጠይቀው።»

«ባልሽ ነው እትዬ» አልኩ።

«የኔ ባል?» ሳቅ አለች፣ ሳቁ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። «እሱ እኮ የሚነግረኝ ሌላ ነው። 'የአባትሽ ፍራሽ ከሌላ ቦታ ይወደድብኛል፣ ግን ያንቺ አባት ስለሆነ እችለዋለሁ' ነው የሚለኝ። ስንት ጊዜ እጁን ስሜ አመስግኜዋለሁ!» ወደ አባዬ ዞረች። «አባዬ፣ ለምንድነው በኪሳራ የምትሸጥለት?»

አባዬ መነጽሩን አወለቀ። ለመወልወል ግን አልነበረም።

«ያኔ ሻንጣሽን ይዞ መጥቶ አልነበር? የዛሬ ሦስት ዓመት» አለ። «አንቺ መኝታ ቤት ስታለቅሺ እኔና እሱ በረንዳ ላይ ተነጋገርን። 'ውሰዳት' አለኝ። ልጆችሽ ጨቅላ ነበሩ። የማውቀው ነገር ፍራሽ ነው፣ ፍራሽ ሰጠሁት። ዋጋውን እሱ ተናገረ። በነጋታው ሻንጣሽን መኪናው ላይ ጫነ።»

ይሄን እኔም አልሰማሁም ነበር። እህቴ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ ሒሳብ ሠራተኛ ነሽ። በአንድ ፍራሽ ስንት ነው የሚከስረው?»

«ተይ እትዬ።»

«ንገሪኝ።»

«አምስት በወሰደ ቁጥር አንዱን በነፃ እንደመስጠት ነው።»

ነጠላውን አጥፋ ሶፋው ላይ አስቀመጠችው።

«ሰኞ ባንክ አትሄድም አባዬ» አለች። «ዋጋውን ማታ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ። ሻንጣዬን ካወጣው ልጆቼን ይዤ እመጣለሁ።»

«እፈርማለሁ!» አባዬ ጮኸ፤ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። «የማስይዘው ቤት ነው። ቤት ቢሄድ ይሂድ!»

«ቤቱ ከሄደ ወዴት ነው የምመለሰው?»

አባዬ ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረገ፣ ጥቃቅን ነገር ውስጥ ገባ።

«ክፍልሽ… ክፍልሽ እኮ ፍራሽ ሞልቶበታል» አለ። «መጋዘኑ ውኃ ስላስገባ እዚያ ነው የከመርኩት። ለሰኞ የሱ ትእዛዝ ነው። መግቢያም የለው።»

«ጎሽ፣ መኝታ አላጣማ» አለች እህቴና ተነሣች።

ተከትለናት ሄድን። በሩን ገፋችው፣ ግማሽ ድረስ ብቻ ተከፈተ። እስከ ጣሪያው ድረስ ፍራሽ ነው፣ ሁሉም በላስቲክ የተጠቀለለ፣ የባሏ ሱቅ ምልክት የተለጠፈበት። ጫማዋን አውልቃ በጎን ሾልካ ገባችና የላይኛውን መጎተት ጀመረች። እኔ አንዱን ጫፍ ያዝኩ፣ ከበደኝ። አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ያየናል፤ ፊቱ ረጥቧል፣ ለመጥረግም አልሞከረ። ወይ አቁሙ ይለናል ወይ ልብሱን ለብሶ ይወጣል ብዬ ጠበቅኩ።

ቆይቶ መጣና ከእኔ እጅ ጫፉን ተቀበለኝ። አባትና ልጅ ፍራሹን ይዘው ኮሪደሩ መሐል ቆሙ።

«የት እናድርገው?» አለ አባዬ።

ሳሎኑን አየን፣ በረንዳውን አየን። ማናችንም አናውቅም።