ጥቁር ቀለም ያልገባበት ፊት

ኣፅብሃ የሰው ፊት የሚቀባበት አንድ ጣሳ ነበረው። ነገሩን የወረሰው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይሥሉ ከነበሩት አጎቱ ነው። ቢጫ አፈር፣ ቀይ አፈርና ነጭ በዘይት ይለወስና በጣሳ ይቀመጣል፤ ከዚያ እየተጨለፈ ከመላእክቱ እስከ ሰማዕታቱ ለሁሉም ፊት ይዳረሳል። ለቅዱሳን ይህ ደንብ ነውና ማንም አይጠይቅም። አጎቱ ካረፉ በኋላ ኣፅብሃ መቀሌ ውስጥ ከእንዳ ኢየሱስ ሰፈር ቁልቁል ሲወረድ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሰው መልክ መሣል ሲጀምር፣ ጣሳውንም ይዞ ገባ። ቀይ ሰው ሲመጣ ነጭ ጠብ ያደርግበታል፤ ጥቁር ሰው ሲመጣ ጥቁር። በዚህ ቅር ያለው ደንበኛ አልነበረም። ወይም ቅር ያለው በልቡ ይዞት ሄዷል።

በልቧ ያልያዘችው ሳምሪ ናት።

ክረምቱ በገባ ሰሞን ነው። በገበያው አካባቢ ጨርቅ የምትሸጠው ወይዘሮ ኣስካል ባሏን መምህር ታመነንና ሁለት ሴት ልጆቿን አስከትላ መጣች። ታመነ ከደብረ ብርሃን ለማስተማር መጥቶ መቀሌ ላይ ትዳር ይዞ የቀረ ዝምተኛ ሰው ነው። ታናሺቱ ዓወት የእናቷን ቅላት ወስዳለች ይባላል። ታላቂቱ ሳምሪ ግን በአባቷ እናት ወጥታ ጥቁር ናት፤ ያውም ጥርት ያለች።

«ሳምሪዬ ልትመረቅልኝ ነው» አለች ኣስካል፣ ጃንጥላዋን እያራገፈች። «አራታችንንም ባንድ ሸራ ላይ ሣለን። ለድግሱ ቀን ሳሎን ይሰቀላል።» ከዚያ ወደ ኣፅብሃ ጠጋ ብላ፣ ሁሉም በሚሰማው ሹክሹክታ፣ «ሳምሪን ታዲያ ትንሽ ፈካ አድርጋት። ከእህቷ እንድትቀራረብ ያህል» አለችው።

«እማ፣ እዚሁ ነኝ እኮ!» አለች ሳምሪ።

ኣስካል እንዳልሰማ ሆና አቀማመጡን ደለደለች። እሷና ዓወት በመስኮቱ በኩል፣ ታመነ መሐል፣ ሳምሪ ከአባቷ ትከሻ ኋላ፣ ግድግዳው ጥግ።

ሳምሪ አልተቀመጠችም። «ኣያ ኣፅብሃ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ልጅ ሆኜ ፎቶ ቤት ወስደውን ነበር። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ በእኔ ቦታ ሌላ ልጅ ቆማለች። ቀሚሴን ለብሳ፣ ዱቄት የነሰነሱባት መስላ። የክፍል ጓደኞቼ ‹ይቺ ማናት?› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ፎቶ ተነሥቼ አላውቅም። እርስዎ እኔን ከሣሉ እቀመጣለሁ። ሌላ ልጅ ከሣሉ ግን፣ ያ ሥዕል የተሰቀለበት ሳሎን ውስጥ አልገባም። ድግሱ የኔ ቢሆንም።»

«ለማስፈራራት እንዳይመስልህ» አለ ታመነ። «ታደርገዋለች። በመልክ በእኔ እናት ነው የወጣችው፣ በግትርነት ግን በራሷ እናት።»

«ተው እንግዲህ!» አለች ኣስካል።

ኣፅብሃ «አንቺኑ ነው የምሥለው» ብሎ አስቀመጣትና፣ አማትቦ ጣሳውን ከፈተ። የአራቱን ፊት በመጀመሪያው ቅብ ሸፈነ። ለሳምሪ ከጣሳው ቆንጠር አድርጎ ከጥቁሩ ቱቦ ደህና አድርጎ ጨመቀበት። እረፍት ሲሆን ሳምሪ ዞራ ሸራው ፊት ቆመች። 

«ኣያ ኣፅብሃ» አለች፣ «ሞቼ ነው እንዴ?»

እሱም አየ። ፊቱ አመድ ሆኗል። በከንፈሩ ዙሪያ ደግሞ ሻጋታ የመሰለ አረንጓዴ ወጥቶበታል።

«አንቺስ ቁርጡን አውቀሻል» አለች ዓወት። «እኔ እኮ የወፍ በሽታ የያዘኝ ነው የምመስለው።»

ሳምሪ አልሳቀችም። ነጠላዋን አንሥታ ዝናቡ ውስጥ ወጣች። ኣስካል ተከትላት እየወጣች ዘወር ብላ፣ «ፈካ አድርጋት ያልኩህ ለዚህ ነበር፤ ነጭ ጨምርበት» አለችው።

ኣፅብሃ የተባለውን ሞከረ። ነጩ ሲገባበት አመዱ ይባስ ብሎ እርጥብ ሲሚንቶ ሆነ። ብሩሹን አስቀምጦ ተቀመጠ። እሱ ሲቸግረው ጮክ ብሎ አይጸልይም፤ ይቀመጥና ይጠብቃል። ሲጠብቅ ቆይቶ አንድ ቀላል ነገር አሰበ፤ ቀለሞቹን ለየብቻ ልያቸው ብሎ። ጥቁሩን ከቢጫው አፈር ጋር ብቻ ለወሰው። ቅጠል ሆነ! ደግሞ ለወሰ፤ አሁንም አረንጓዴ። ለካ ያ ጥቁር ሲጨልም ብቻ ነው ጥቁር የሚመስለው፤ ሆዱ ውስጥ ሰማያዊ ደብቋል። ከቢጫ ሲገናኝ ያረንጉዳል፣ ከነጭ ሲገናኝ ያመዳል። ልጅቷን የገደላት ይህ ነው።

ጥቁሩን ቱቦ መሳቢያ ውስጥ ዘጋበት። የጣሳውንም የፊት ቀለም ጠርጎ ጣለው።

ከዚያ ሌሎቹን ቱቦዎች ደረደረ። ቢጫው ኦከር አፈር ነው። ዝገት የሚመስለው ሲየና በእሳት የተቃጠለ አፈር ነው። የተቆላ ቡና የሚመስለው አምበርም እንዲሁ። ፈገግ አለ። አዳምስ ከምን ተሠራና! አምበሩ ላይ ጥልቁን ሰማያዊ በቢላው ጫፍ ነካ ቢያደርግበት፣ ከጥቁሩ ቱቦ የጠለቀ ጨለማ ወጣ። ያውም የሚታዘዝ ጨለማ፤ አምበሩ ሲያይል ይሞቃል፣ ሰማያዊው ሲያይል ይቀዘቅዛል።

ቀሪው ሳምሪን ማግኘት ነበር። በማግስቱ ዝናቡ ሲያባራ ቀለሞቹንና አንዲት ቁራጭ የመስኮት መስታወት ይዞ ወደ ኣስካል ሱቅ ወረደ። ሳምሪ ከዓወት ጋር ጨርቅ ታጥፋለች።

«አልቀመጥም» አለችው ገና ከሩቁ።

«ቁጭ በይ ያለሽ ማን አለ ጓለይ፣ ልጄ? እዚህ በር ላይ ቁሚልኝ። ሸራም አላመጣሁ። ይቺን የመስኮት ቁራጭ ፊትሽ አጠገብ ልያዛት፣ በቃ።»

ቆመች። ኣፅብሃ ሲየናና አምበር ለውሶ መስታወቱ ላይ ጠብ አደረገና ጥላ እንዳያጠላበት አዘንብሎ ጉንጯ አጠገብ ያዘው። ጠብታው ቀልቶ ታየ። አምበር ጨመረ። አሁን ደረቅ ሆነ። ጥቂት ደም የመሰለ ቀይ። ተቃረበ። ከሰማያዊው የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ለውሶ እንደገና ጠብ አደረገና ያዘው።

ጠብታው የለም።

መስታወቱን ወዘወዘው። ጠብታው እዚያው አለ፤ ግን ዳርቻው ከጉንጯ አይለይም። ቀለሙ የት አብቅቶ ቆዳዋ የት እንደሚጀምር ዓይኑ አጣው።

«ዋይ እግዚኦ!» አለ።

«ምን ሆኑ?»

«ጠፋ! ዓወት፣ መስተዋት አምጪላት!»

ሳምሪ በእጅ መስተዋት አየች። የመስኮቱን ቁራጭ ራሷ ይዛ ወደ ጉንጯ አስጠጋችው፣ አራቀችው፣ አስጠጋችው። ከዚያ ያንኑ ጠብታ ወደ ግንባሯ ብታነሣው ፍጥጥ ብሎ ወጣ።

«እዚህ ጋ አልሆነም» አለች፣ አሁን ነገሩ ይዟት።

«አይሆንማ! ግንባርሽ ላይ ሰማዩ አርፎበታል። እዚያ በነጭ አይፈካም፣ በሰማያዊ ነው። ጆሮሽ ላይ ደግሞ ፀሐይ ከኋላ አብርታበታለች፤ ቀይ ናት። ከአገጭሽ ሥር ያለው ከነጠላሽ ተንፀባርቆ የመጣ ብርሃን ነው።» ኣፅብሃ እንደ ልጅ ከወዲያ ወዲህ ይል ነበር። «ይህን ሁሉ ባንድ ጣሳ!»

«ጥቁሩስ የቱ ጋ ነው?»

«የለብሽም። የኔ ጥቁር ቱቦ አንዲት ጠብታ የለብሽም።»

ሳምሪ ሳቀች። ኣስካል ከባንኮኒው ወጥታ፣ «እስቲ እኔንም» አለች። ኣፅብሃ ኦከር፣ ነጭና ትንሽ ቀይ ለውሶ ጉንጯ ላይ አጠፋው። ወደ አንገቷ ዝቅ ቢያደርገው ግን ጠብታው እንደ ኖራ ቦግ አለ።

«ወይዘሮ ኣስካል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ፊትዎና አንገትዎ የአንድ ሰው አልሆን አሉኝ።»

ዓወት በጨርቁ አፏን ያዘች።

«የምቀባው ፑደር ነው። እሱኑ ሣል!» አለች እናት ቆጣ ብላ።

«እንዳሉኝ» አለ ኣፅብሃ።

አራቱም ወደ ኣፅብሃ ክፍል ተመልሰው ተቀመጡ። አሁን ሳምሪ መስኮቱ አጠገብ ሆነች። ኣስካል ስታጉረመርም፣ «ብርሃኑን የሚይዝልኝ የእሷ ፊት ነው» ብሎ አሳለፈው። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻው ለወሰ። ታመነ ጠይም ነው ብሎ አላለፈውም፤ ግንባሩ ወደ ቢጫ፣ አፍንጫው ወደ ቀይ፣ ጢሙን የተላጨበት አገጭ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ይሄዳል። ዓወትም ቀይ መባሏ ብቻ ነው፤ ጥላዋ ውስጥ ስስ አረንጓዴ ነበረባት፣ ግን እዚያ ሲገባ ሕያው አደረጋት። ሳምሪ በየቀኑ እየመጣች ሸራውን አይታ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። 

ሥዕሉ አልቆ፣ ሲደርቅ በአንሶላ ተሸፍኖ ሰነበተና በድግሱ ቀን በባጃጅ ተጭኖ ሄደ። ሳሎኑ በእንግዳ ሞልቷል። ሳምሪ የምረቃ ጋወኗን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች፤ ሳትገባ። ታመነ አንሶላውን ገፈፈ።

ሦስቱ ፊቶች ደምቀው ወጡ። የሳምሪ ግን የደረቀ ጭቃ መስሎ ደብዝዟል። ጥልቁ ሁሉ ጠፍቶ ቦታ ቦታው ላይ አመድ ተነስንሶበታል።

«ይኸው!» አለች ኣስካል፣ በድል ሳይሆን ሊያለቅስ በቃጣው ድምፅ። ሳምሪ ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች።

«ሳምሪ! ጓለይ፣ ቆዪ!» ኣፅብሃ እንግዳውን እየገፋ ወደ ግድግዳው ሄደ። በጣቱ ዳሰሰው፤ ደርቋል። ገባው። አምበር ዘይት ጠጪ አፈር ነው። ዘይቱን ከላይ መጥጦ ሲደርቅ ይፈዝዛል፤ ቀለሙ ግን የትም አልሄደም። ከኪሱ ትንሿን የተልባ ዘይት ጠርሙስ አወጣና ንጹሕ ጨርቅ ላይ ጠብ አድርጎ፣ እጅግ ስስ አድርጎ፣ ከግንባሩ ጀምሮ አሸ።

ጨርቁ ያለፈበት ሁሉ ተነሣ። ግንባሩ ላይ የክረምቱ ሰማይ ተመለሰ። ጉንጩ ሞቀ። የጆሮው ቀይ በራ። አገጩ ጋ ሲደርስ፣ ከሸራው ላይ ሳምሪ ቀጥ ብላ ሁሉንም ታያለች።

«የእናቴ ግንባር!» አለ ታመነ። እናቱ ፎቶ ሳይነሡ ነበር ያለፉት።

ከሴቶቹ አንዷ እልል አለች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። ሳምሪ በእልልታው መሐል ገባች። ሥዕሉ ሥር ደርሳ ጉንጯን ወደ ሸራው አስጠጋችና ወደ ኣፅብሃ ዞራ፣ «ጠፋ?» አለችው።

«ጠፋ!» አለ፣ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ።

ያኔ አንዲት ጎረቤት ሥዕሉን ስታጠና ቆይታ፣ «ኣስካልዬ፣ ያንቺ ፊት ግን ምነው ከአንገትሽ ጋር የተኳረፈ?» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኣስካል ሥዕሉን አየች፣ ሳምሪን አየች፣ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ፊቷን ታጥባ፣ ውሃው ከአገጯ እየተንጠባጠበ ነበር። ጠይም ነበረች፤ ደስ የምትል ጠይም።

«ነገ ሥራ ቤትህ እመጣለሁ» አለችው ኣፅብሃን። «መስታወቷን አዘጋጅተህ ጠብቀኝ። የኔን ፊት ትደግመዋለህ።»

ይህን ጊዜ ለድግሱ የተጠራው ፎቶ አንሺ ሳምሪን ሥዕሉ ሥር አቁሞ ካሜራውን አነጣጥሮ ነበር። «አይዞሽ እህቴ» አላት፣ «ሲታተም ትንሽ ፈካ አደርግሻለሁ።»

«እንዳትነካት!» ብላ ጮኸች ኣስካል ከወዲያ ማዶ። «ሰማኸኝ? ልጄን እንዳትነካብኝ!»

ሳምሪ ስትስቅ ነው ካሜራው ብልጭ ያለው።