ዜሮ ነጥብ ዜሮ አምስት

ትርሓስ የምትሠራው ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ፒያሳ በሚያወጣው ዳገት፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ባለች አነስተኛ የጤና ማሠልጠኛ ቢሮ ውስጥ ነው። ሐኪሞች በኢንተርኔት ስብሰባ ላይ የሚያነቡትን ንግግር ትጽፋለች። ሰሚው ሩቅ ነው፤ ካሜራው ዝግ፣ ማይኩም ዝግ። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሯ አጭር ነው፤ ቁጥር ሲመጣ ሁለት ጊዜ ታስነግራለች፤ በየመሃሉም «እዚህ ላይ ይቁሙና ይጠይቋቸው» ብላ በቀይ ትጽፋለች።

ዶክተር እምሩ ቀዩን አልወደዱትም። አርባ ዓመት ያስተማሩ፣ ሰው የሚፈራቸው አዛውንት ናቸው።

«ተዋናይ ልታደርጊኝ ነው?» አሏት ወረቀቱን እያገላበጡ። «ደግሞ ማንኪያ ማንኪያ የሚለው ምንድን ነው? የክሎሪን መጠን በመቶኛ ነው የሚነገረው።»

«ዶክተር፣ የሚሰሙን የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህራን ናቸው። ኔትወርኩም ይቆራረጣል ብዬ…»

«ሰንጠረዡ በቴሌግራም ተልኮላቸው የለም እንዴ? ስንት መቶኛ ስንት ማንኪያ እንደሆነ እዚያ ላይ ያዩታል። መልእክት መጻፊያውንም ዝጊልኝ፤ ሐሳቤን ይበትነዋል።»

ትርሓስ ከተቀጠረች ገና አራተኛ ወሯ ነው። ቀዩንና የቁጥሩን ድግግሞሽ አጠፋች፤ ማንኪያውንም አወጣች።

ስብሰባው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ተሳታፊዎቹ ወንዝ ሞልቶ ኮሌራ ከገባባቸው የቆላ ወረዳዎች ናቸው፤ በማግስቱ ትምህርት ቤቶቹ ይከፈታሉ፤ ልጆቹም በየበሩ እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እየታጠቡ ይገባሉ። መቶ አርባ ሰው ገባ። ኔትወርክ እንዳይከብድ የተሰብሳቢው ሁሉ ካሜራ ተዘጋ። በኮምፒውተሩ ላይ መቶ አርባ ስም ተደርድሯል፤ ፊት ያለው የዶክተሩ ብቻ ነው።

ክፍል ውስጥ ቢሆን ኖሮ ዶክተሩ የአንድ ሰው ግንባር ሲቋጠር ካዩ «ልድገመው» ማለት ልማዳቸው ነበር። እዚህ ግን የሚቋጠር ግንባር የለም። በገዛ ፊታቸው ላይ አፍጥጠው ያለማቋረጥ አነበቡ።

ትርሓስ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። በራሷ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ፣ እንደ አንድ ተሳታፊ ገብታ አንድ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታለች። ሩቅ ያለው ሰው የሚሰማውን መስማት ፈልጋ ነው። በአንዱ ጆሮዋ ክፍሉ ውስጥ፦ «ለእጅ መታጠቢያ ዜሮ ነጥብ ዜሮ አምስት፣ ለወለልና ለሽንት ቤት ዜሮ ነጥብ አምስት» ሲሉ ሰማች። ሁለት ሰከንድ ያህል ዘግይቶ በማዳመጫው መጣ፦

«ለእጅ መታጠቢያ ዜሮ ነጥብ… አምስት።»

አንዲት ዜሮ ተውጣለች። በሰንጠረዡ ላይ ዜሮ ነጥብ ዜሮ አምስት ማለት ለሃያ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ የክሎሪን ዱቄት ነው፤ ዜሮ ነጥብ አምስት ማለት ደግሞ አሥር ማንኪያ። አሥር እጥፍ! ሕፃን በዚያ እጁን ታጥቦ ዓይኑን ቢያሽስ?

ምናልባት የተቆረጠው የእኔ ስልክ ላይ ብቻ ይሆናል አለች በልቧ። ግን በምን ይታወቃል? መቶ አርባው ስም ዝም ብሎ ተደርድሯል። የገባውም ያልገባውም አንድ ዓይነት ዝም ይላል። ዶክተሩ ገጽ ገለጡ። ላቋርጣቸው? ከሥራ ብወጣስ? ትናንት አዘጋጅታ ዶክተሩ «ይቅር» ያሏትን የምርጫ ጥያቄ ከፈተችና ለሁሉም ለቀቀችው፦ «ለእጅ መታጠቢያ በሃያ ሊትር ውሃ ስንት ማንኪያ ይገባል? አንድ ወይስ አሥር?»

ዶክተሩ ጥያቄው ስክሪኑ ላይ ድንገት ሲመጣባቸው ንግግራቸውን ገታ አድርገው ገላመጧት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ይቅርታ ዶክተር፣ አንድ ደቂቃ ብቻ። እባክዎ።»

መልሱ ቀስ እያለ ገባ። አንድ ያሉ ሃያ ዘጠኝ። አሥር ያሉ ሃምሳ ሦስት። ሌሎቹ ዝም።

የዶክተሩ ፊት አመድ መሰለ። አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ክፍል አስተምረው አያውቁም። ድምፃቸውን ጠርገው ማይኩ ላይ ጎንበስ አሉ።

«ስሙኝ። ለእጅ አንድ ማንኪያ። አንድ ብቻ። ለሃያ ሊትር ውሃ አንድ ማንኪያ። አሥር ማንኪያ ለወለል ነው፤ ሰው አይነካውም። አሁን መልሱልኝ።» ጥያቄው እንደገና ተለቀቀ። ዘጠና ሰባት ሰዎች መለሱ፤ ሁሉም «አንድ» አሉ።

«የቀሩትስ?» አሉ ዶክተሩ በሹክሹክታ።

«አርባ ሦስት ናቸው። አንዳንዶቹ ቀድመው ወጥተዋል፤ ስማቸው ብቻ የቀረም ይኖራል። አላውቅም።»

የተሳታፊዎቹን የስልክ መዝገብ ለሁለት ተካፍለው ስልክ መደወል ጀመሩ። ዶክተሩ ኮታቸውን አውልቀው፣ ለእያንዳንዱ ሰው «ስንት ማንኪያ? እስቲ አንተ ንገረኝ» እያሉ ያስደግሙ ነበር። ቢሮው ሊዘጋ ሲል አርባ ሁለቱ ተገኙ። አንድ ብቻ ቀረ፤ ካሣሁን የሚባል ርዕሰ መምህር። ስልኩ ዝግ ነው። መልእክት ላኩለት፤ መድረሱን የሚያሳይ ነገር የለም። የወረዳው ቢሮም አያነሳም።

ትርሓስ እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ነጋ። ጠዋት አራት ኪሎ ከታክሲ ወርዳ፣ የተማሪና የሠራተኛው ግፊያ መሃል ቆማ እንደገና ደወለች። ጠራ።

«ሃሎ?»

«አቶ ካሣሁን? ከአዲስ አበባ ነው የምደውለው፣ ከትናንቱ ስብሰባ። የእጅ ውሃው ስንት ማንኪያ ገባበት?»

«አሥር። ዜሮ ነጥብ አምስት አይደል ያላችሁት? አሰልፈናቸው እየታጠቡ ነው…»

«አስቁሟቸው! አሁኑኑ! አንድ ነው፣ አንድ ብቻ! የነኩትን በንጹሕ ውሃ እጠቧቸው!»

ስልኩ ጠረጴዛ ላይ የተወረወረ መሰላት። ከዚያ በኋላ ምንም አልሰማችም። ወያላዎች በላይዋ ላይ ይጮኻሉ፤ እሷ ግን ሌላኛውን ጆሮዋን በመዳፏ ደፍና ዝምታውን ታዳምጣለች። ስንት ልጅ ነው? ዓይኑን የነካ አለ? ያለቅሳሉ? ከዚያ በኩል የሚመጣ አንዳች ድምፅ የለም። አንድ ደቂቃ። ሁለት። «እመ ብርሃን» አለች፤ ሌላ ቃል አልመጣላትም።

«ሃሎ?» የካሣሁን ድምፅ ያለከልክ ነበር። «ስድስት ልጆች ነክተውታል። በንጹሕ ውሃ እያጠብናቸው ነው። እጃቸው ቀልቷል። አንዷ ዓይኗን አሽታለች።»

«ዓይኗን ሳታቋርጡ እጠቡት፤ ሩብ ሰዓት ሙሉ። ከዚያ ጤና ጣቢያ ይዛችኋት ሂዱ።» ይህን የጻፈችው ራሷ ነበረች፤ ዶክተሩ «ይረዝማል» ብለው በሰረዙት ገጽ ላይ።

ረፋዱ ላይ ካሣሁን ደወለ። ልጅቷ ዓይኗ ቀልቶ እንባ ያፈሳል እንጂ ታያለች፤ ታክማ ተመልሳለች። ዶክተር እምሩ ይህን ሲሰሙ ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። «ስሟ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ትርሓስ አልጠየቀችም ነበር። እንደገና ደውላ ጠየቀች። ኢክላስ ትባላለች፤ ሁለተኛ ክፍል ናት።

በሳምንቱ ሌላ ስብሰባ ነበር። ዶክተሩ ቀዩን ሁሉ እንዳለ አነበቡት፤ ቁሙ ሲል ቆሙ፣ ጠይቁ ሲል ጠየቁ። ከመቶ ሃያ ሰው መቶ አራቱ መለሱ። የተቀሩት አሥራ ስድስት ስሞች ዝም እንዳሉ ናቸው። ትርሓስ ዝርዝሩን አውጥታ ከመጀመሪያው ስም ጀምራ መደወል ጀመረች።