ካርዱ ላይ ያለው ቀይ ነጥብ

ሃያ ወንበር ላለው ጌም ቤቴ ያወጣሁት እቅድ ቀላል ነበር። ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች እገዛለሁ፤ በእያንዳንዳቸው ውስጥ የኳስና የተኩስ ጌም የሚችል መካከለኛ ግራፊክስ ካርድ ይኖራል። ለአዲስ አቅሜ አይፈቅድም።

የባሌ ወንድም "ካርድ የገባላቸው ሃያ አገኘሁልሽ፤ ዓይንሽን ጨፍነሽ ግዢ" ብሎ ሻጩ ሱቅ ወሰደኝ። እኔ ደግሞ ዓይንሽን ጨፍኚ ሲሉኝ ነው አፍጥጬ የማየው።

የአንዱን ክዳን አስከፈትኩ። ካርዱ ጥሩ ነው። ሻጩ የስክሪን ገመድ ሊያመጣ ዞር ሲል፣ የባሌ ወንድምም ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ፣ ከቦርሳዬ የጥፍር ቀለም አውጥቼ ካርዱ ጫፍ ላይ ቀይ ነጥብ አሳረፍኩ። ክዳኑ ተገጠመ፤ ሲበራም የተኩስ ጌሙ ሳይንቀራፈፍ ሄደ።

"ሌላ ልምረጥ" አልኩ።

"የፈለግሽውን፣ እህቴ! አቧራውን ብቻ ላራግፍልሽ" አለና የመረጥኩትን ጓዳ አስገባው። የተሞከረውንም "ቦታ አጣበበ" ብሎ አብሮ አስገባው። ሁለተኛውም እንደ ውሃ ፈሰሰ። ሦስተኛም መረጥኩ፤ አሁንም አቧራ፣ አሁንም ጓዳ፣ አሁንም ጥሩ።

"አላልኩሽም? አንቺ እኮ ሰው አታምኚም!" አለ የባሌ ወንድም።

ሦስተኛውን ኮምፒውተር አጠፋሁት። ሻጩ "ምን ያደርግልሻል?" እያለ ሲያንገራግር ክዳኑን ራሴ ሳብኩት።

ቀዩ ነጥብ ቁጭ ብሏል። ሦስት ኮምፒውተር ሞከርኩ ስል ለካ ያ አንድ ካርድ ነው ጓዳ ውስጥ ከአንዱ እየተነቀለ ሌላው ውስጥ ሲገባ የቆየው።

ሻጩ "ደግሞ ይሄ ቀለም ምንድነው?" አለ። የባሌ ወንድም ግን ስለ ቀለሙም ስለ ካርዱም ሳይጠይቅ ወደ በሩ እያፈገፈገ ነበር።