አቃጥዪው፣ አይጥፋ

ወንድሜ ፊልም ሠሪ ነው። እኔ ደግሞ የሱን ፊልም የምቆርጥና የምቀጥል ኤዲተር ነኝ። በዚህ ዓለም ላይ እንደሱ የሚያቃጥለኝ ሰው የለም።

ፊልሙ ስለ አባታችን ነው። ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ከሞተ ዓመት አልፎታል። እናታችን መስማት ካቆመች ደግሞ አሥር ዓመቷ። ፊት ለፊት ስናወራት ከከንፈራችን ታነባለች። ፊልም ላይ ግን ሰው ዞር ይላል፣ ጀርባውን ይሰጣል፣ ከካሜራው ኋላ ሆኖም ይናገራል። ንግግሩ ከሥር ካልተጻፈላት የገዛ ባሏን ፊልም እንደ እንግዳ ቁጭ ብላ ልታየው ነው። ለዚህ ስል ሳምንት ሙሉ ቃል በቃል ስጽፍ ሰነበትኩ።

ጠቡ የመጣው ጽሑፉ እንዴት ይግባ ሲባል ነው።

"ሶፍት ይሁን" አለ ወንድሜ። ጽሑፉ ምስሉን ሳይነካ በፋይሉ ውስጥ ለብቻው ይቀመጥ፤ የፈለገ በሪሞት ያብራው፣ ያልፈለገ ያጥፋው ማለቱ ነው። "ስንት የለፋሁበት ምስል ላይ ፊደል ልትለጥፊበት ነው?"

"ሶፍት እኔም ደስ ይለኛል፣ ስህተት ቢገኝ በደቂቃ ይታረማል። ግን ጋሼ፣ ፊልሙን የምናሳይበት አዳራሽ ማጫወቻ ያነበዋል ወይ?"

"ለምን አያነብም?"

ፊልሙ ሊታይ አንድ ቀን ሲቀረው ፋይሉን በፍላሽ ይዘን ወደ አዳራሹ ሄድን። የአዳራሹ ቴክኒሻን ሰካና ጽሑፉን አበራው። አባቴ አፉን በከፈተ ቁጥር ከሥሩ ባዶ ሳጥኖች ተደረደሩ። ማጫወቻው የኛን ፊደል አያውቅም።

"ሳጥን ነው እንዴ የሚያወራው?" ብሎ ቴክኒሻኑ ሳቀ። ወንድሜ አልሳቀም።

ስለዚህ ሃርድ ሆነ። ፊደሉ ምስሉ ላይ ይቃጠላል፤ ራሱ ምስል ይሆናል። ማንም ማጫወቻ ሳጥን አያደርገውም፣ ማንም ሪሞት አያጠፋውም። አንዲት ነጥብ ለማረም ግን ፊልሙን በሙሉ እንደ አዲስ ማውጣት ነው፤ በኔ አሮጌ ማሽን ሦስት ሰዓት።

በማግስቱ ጠዋት ጀመርኩ። ገና ሩቡ ሳይደርስ ደወለ። "ትንሽ ከፍ አድርጊው።" አቁሜ፣ ከፍ አድርጌ፣ እንደገና። ደግሞ ደወለ። "ፊደሉ አልወፈረም?" የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ ማለት ይሄ ነው። አምስት ሰዓት ላይ ራሱ መጣ። ፊልሙ የሚታየው ዘጠኝ ሰዓት ነው።

"መጨረሻ ላይ አባባ ወደ ካሜራው ዞሮ 'ደንቆሮዬን አደራ' ይላል አይደል? ሰው ፊት እናታችንን ደንቆሮ ብለን ልንጽፍ ነው? 'ውድ ባለቤቴን አደራ' በዪው።"

"ሰው እኮ ጆሮ አለው! የሚለውን ይሰማሉ!"

"እሷ አትሰማም።"

ከዚያ ሁሉ ሰው የምትታለለው እሷ ብቻ ልትሆን ነው። ይሄ ገብቶኛል፤ አልገባኝም ብዬ አልዋሽም። ግን ሰዓቱ እየሄደ ነበር፣ ከሱ ጋር መከራከር ደግሞ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ታክቶኝ ጻፍኩት። አቃጠልኩት።

እናቴ ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። አባቴ ሲቀልድ ሰው ይስቃል፣ እሷም እኩል ትስቃለች። ከአሥር ዓመት ወዲህ ከሰው እኩል ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው፤ ድካሜ ሁሉ ለቀቀኝ። ከዚያ አባቴ ዞሮ ካሜራውን ፊት ለፊት አየ፣ ተናገረም።

እናቴ ብድግ አለች።

"እሱ እንዲህ አላለም!" ድምጿን ስለማትሰማው አዳራሹን ሞላችው። "አርባ ዓመት አብሬው ስኖር 'ውድ ባለቤቴ' ብሎኝ አያውቅም! 'ደንቆሮዬ' ነው ያለኝ! ከሱ በቀር እንዲህ የሚጠራኝ ሰው አልነበረም፤ ይሄንንም ስም ወሰዳችሁብኝ?"

ያን አፍ ከማናችንም በላይ እንደምታነበው እንዴት ረሳነው? ወንድሜ አንገቱን ደፋ። እኔም መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በነጋታው ሁለቱም ማሽኔ ጋ መጡ። ጽሑፍ ያልነካውን ፋይል አስቀምጬው ስለነበር ቃሉን ለመመለስ አልተቸገርኩም።

ወንድሜ ትከሻዬን ነካ አድርጎ "አሁን እኮ ለቤት ነው፣ የቤቱ ቴሌቪዥን ፊደላችንን ያነባል" አለኝ። "ሶፍት አድርጊላት። በደቂቃ ያልቃል፣ ያልፈለገም ያጠፋዋል።"

እናቴ ዓይኗ ከንፈሩ ላይ ነበር።

"ማነው የሚያጠፋው?" አለችው።

ወንበር ስባ ከማሽኑ አጠገብ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ አደላደለች።

"ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ እማዬ" አልኳት ፊቴን ወደሷ አዙሬ።

"ይፍጅ። አቃጥዪው።"